ፒኢው 4 የሆነ የባንክ አክሲዮን፦ ርካሽ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

ሐይቅዳር (ሐዋሳ) | ታኅሣሥ 6፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ሞቢል አካባቢ ትንሽ ፋርማሲ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ዕቁብ ደረሰኝና 320 ሺህ ብር እጄ ገባ። የባለቤቴ ወንድም ባንክ ውስጥ ይሠራል። ባንኩ አሁን አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የአንዱ መደበኛ ዋጋ 1,000 ብር ሲሆን 600 ብር ፕሪሚየም ተጨምሮበት 1,600 ይሸጣል። ለእኔ 200 አክሲዮን ይደርሰኛል ማለት ነው።

የ2017 ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ሰጥቶኝ ነበር። ፊት ገጹ ላይ በትልቁ «የአንድ አክሲዮን ትርፍ 40 በመቶ» ይላል። ውስጥ ደግሞ 400 ብር ብሎ ጽፎታል። ፒኢ ማለት የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ለአንዱ አክሲዮን ትርፍ ማካፈል እንደሆነ ስላነበብኩ 1,600ን ለ400 አካፈልኩት፤ 4 መጣ። ኢንተርኔት ላይ የውጭ ኩባንያዎች 15 እና 20 ሲባሉ አያለሁ። 4 ማለት በጣም ርካሽ ነው አይደል? እንዲህ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ለምን ሰው እየተጋፋ አይገዛውም? ያልገባኝ ነገር ያለ መሰለኝ።

---

ቡናገበያ | ታኅሣሥ 6

ወንድሜ ምን ትጠብቃለህ፤ ግዛ! ፒኢ 4 ማለት ብርህ በ4 ዓመት ይመለስልሃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ንጹህ ትርፍ ነው። እኔ ቡና ላይ 4 ዓመት ሙሉ ተሯሩጬ እንዲህ አላገኘሁም።

---

ፈረንጅአራዳ | ታኅሣሥ 6

1,600 ለአንዲት አክሲዮን? የቴሌ 300 ብር ነበረች እኮ። ርካሹን ትተህ ውዱን ትገዛለህ እንዴ?

---

ጡረተኛው ኦዲተር (ሐዋሳ) | ታኅሣሥ 7

ከመጨረሻው ልጀምር። 300 ብር ርካሽ፣ 1,600 ውድ የሚባል ነገር የለም። አክሲዮን ኩባንያው የተቆረጠበት ቁራሽ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 300። ሙሉ ኩባንያውን በ300 ቢሊዮን ብር ገምተውታል ማለት ነው። ድፎ ዳቦውን ብዙ ቦታ ብትቆርጠው ቁራሹ ያንሳል፤ ዳቦው ግን ያው ነው። ስለዚህ የቁራሹ ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግርህም።

አሁን ወደ ሐይቅዳር ጥያቄ። ያልገባህ ነገር አለ ማለትህ ትክክል ነው። በመጀመሪያ ያቺን 40 በመቶ ተዋት። የተሰላችው በ1,000 ብሩ መደበኛ ዋጋ ላይ ነው። አንተ የምትከፍለው 1,600 ነው። 400 ለ1,600 ሲሆን 25 በመቶ ነው። ባንኮቻችን ትርፉን በመቶኛ መናገር ይወዳሉ፤ ድሮ ሁሉም በመደበኛ ዋጋ ሲገዛ ችግር አልነበረውም። ፕሪሚየም ከመጣ ወዲህ ግን ገዢውን ያሳስታል።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። 400 ብሩ የተገኘው የተጣራ ትርፉ ለስንት አክሲዮን ተካፍሎ ነው? ሪፖርቱ ጋ ተመለስና ሦስት ቁጥር ላክልኝ፦ የተጣራ ትርፍ፣ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ የነበረው የአክሲዮን ብዛት፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ያለው ብዛት።

---

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 7

አመሰግናለሁ ጋሼ። የተጣራ ትርፍ 1.2 ቢሊዮን ብር። ሐምሌ 1 ላይ 2.8 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ሰኔ 30 ላይ 4 ሚሊዮን። ግን 1.2 ቢሊዮንን ለ4 ሚሊዮን ሳካፍለው 300 ይመጣል እንጂ 400 አይመጣም። ሪፖርቱ ተሳስቷል እንዴ?

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 7

አልተሳሳተም፤ ሕጉን ተከትሎ ነው የሠራው። ዓመቱ ሙሉ የነበረ አክሲዮን እንደ ሙሉ ይቆጠራል። በዓመቱ መጨረሻ የተሸጠ ደግሞ በቆየበት ወር ልክ ነው የሚቆጠረው። እገምታለሁ፤ አዲሶቹ 1.2 ሚሊዮን አክሲዮኖች ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሳይሸጡ አልቀሩም። የሁለት ወር ዕድሜ ስላላቸው የ12 ወር ሁለቱ ብቻ ይታሰባል፤ እሱም 200 ሺህ ነው። 2.8 ሚሊዮን ላይ 200 ሺህ ስትጨምር 3 ሚሊዮን። 1.2 ቢሊዮን ለ3 ሚሊዮን፣ 400። ይኸው።

ላለፈው ዓመት ይህ ስሌት ተገቢ ነው። አንተ ግን የምትገዛው ወደፊት የሚገኘውን ትርፍ ነው። ዘንድሮ ከገበታው ፊት የተቀመጡት 4 ሚሊዮን ናቸው። ስለዚህ 300ውን ያዝ። 1,600 ለ300 ሲካፈል ፒኢው 5.3 ነው። 4 የነበረው ሳናውቀው 5.3 ሆነ፤ ማንም አልዋሸም።

---

ቡናገበያ | ታኅሣሥ 7

5.3ም ቢሆን ርካሽ ነው እኮ። በ5 ዓመት ይመለሳል።

---

የአቶቴ እናት | ታኅሣሥ 7

ልጆቼ እኔም አክሲዮን አለኝ። አንድ ባንክ ሲመሠረት 30 አክሲዮን ገዝቼ ነበር፤ በመደበኛ ዋጋው። አሁን ልጄን ለመዳር ብር ያስፈልገኛል። በ1,600 የምትገዙኝ ካላችሁ እሸጣለሁ። ትርፉ ግን በዓመት በዓመቱ እጄ አልገባም፤ «ካፒታል ለማሳደግ» እያሉ ወደ አክሲዮን ይቀይሩታል።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 7

እትዬ፣ እዚህ የተጠየቀው ስለሌላ ባንክ ነው። ባንኩ አዲስ አክሲዮን በ1,600 ሸጠ ማለት ደግሞ እርስዎም በ1,600 ይሸጣሉ ማለት አይደለም። የእርስዎ ባንክ ገበያ ላይ ካልተዘረዘረ ገዢውን ራስዎ ፈልገው፣ ባንኩ ዝውውሩን መዝግቦልዎት ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተዘረዘረው ወጋገን ባንክ ነበር። የእርስዎ ባንክ መዝገቡ ላይ ይኑር አይኑር ቅርንጫፉን ይጠይቁ።

ግን እትዬ ያሉት ነገር ለቡናገበያ መልስ ነው። «ብርህ በ4 ዓመት ይመለሳል» የሚባለው ትርፉ በሙሉ እጅህ ሲገባ ነው። አይገባም። ባንክ ከተጣራ ትርፉ ሩቡን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ግዴታው ነው፤ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ። ከ1.2 ቢሊዮኑ 300 ሚሊዮን እዚያ ይቀራል። የተረፈውን ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል፤ ዘንድሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን እንዲያደርሱ ስላዘዘ ጉባኤው «ወደ አክሲዮን ይዙር» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ግብር አለ። ሐይቅዳር አሁን በታኅሣሥ ከገዛ ደግሞ የሚደርሰው የዓመቱ ሙሉ ክፍፍል ሳይሆን ብሩ በገባበት ቀን ተሰልቶ ግማሽ ገደማ ነው።

የቀረው ትርፍ ጠፋ አልልም፤ ባንኩ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ግን «ይመለሳል» የሚለውን ቃል አልወደውም።

---

ከአዳማ_ብድር ክፍል (አዳማ) | ታኅሣሥ 8

እኔ አዳማ ሌላ ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘለሉ። ይህ የ2017 ሪፖርት ነው። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22፣ 2016 ነው። የባንኮች በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ያ ሁሉ ነገር የወደቀው 2017 ላይ ነው፤ በአራተኛው ሳምንት። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ካለበት የውጭ ምንዛሪ ዕዳ የበለጠ ዶላር በእጁ የነበረው ባንክ ምንም ሳይሠራ ትርፍ አገኘ። ዕዳው የበለጠበት ደግሞ ከሰረ። ሐይቅዳር፣ ከውጭ ምንዛሪ የተገኘ ገቢ የሚል መስመር አለ?

---

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 8

አለ። «ከውጭ ምንዛሪ የተገኘ የተጣራ ገቢ» ይላል፤ 500 ሚሊዮን። ያለፈው ዓመት 90 ሚሊዮን ነበር። ይህን እኔ እንደ ዕድገት ነበር ያየሁት!

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 8

ጥሩ ያዝክ ልጄ፤ ይህን እኔ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። እንግዲህ እናውጣው። 500 ሚሊዮኑ ከግብር በፊት ነው። 30 በመቶ የትርፍ ግብር ሲቀነስ 350 ሚሊዮን ይቀራል። ከ1.2 ቢሊዮን ላይ 350 ሚሊዮን ስናነሳ 850 ሚሊዮን። ለ4 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል 212 ብር ከ50። 1,600 ለ212.50፣ 7.5።

4 ብለን ጀመርን፣ 5.3 ሆነ፣ አሁን 7.5 ደረስን። ዋጋው ግን አልተነካም። የተለወጠው ከታች ያለው ትርፍ ነው። ፒኢ በጣም ዝቅ ብሎ ስታይ መጀመሪያ የምትጠረጥረው እሱን ነው፦ ዘንድሮ ብቻ የመጣ፣ ከርሞ የማይደገም ትርፍ ገብቶበት እንደሆነ። መለያው ቀላል ነው፤ አንዱ የገቢ መስመር ከአምናው አምስት ስድስት እጥፍ ዘሎ ሌላው በልኩ ከሄደ እዚያ ላይ ቁም።

---

ከአዳማ_ብድር ክፍል | ታኅሣሥ 8

ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ጋ አልስማማም። 500ውን በሙሉ ማውጣት ይበዛል። በዚያ መስመር ውስጥ የኤልሲ ኮሚሽን፣ ዶላር ገዝቶ በመሸጥ የሚገኝ ልዩነትም አለ። እሱ የዘወትር ሥራ ነው፤ ከርሞም ይመጣል። ብር ደግሞ ዘንድሮም ቀስ እያለ ሲወርድ ነው የከረመው፤ ስለዚህ የምንዛሪ ለውጥ ትርፉም ዜሮ አይሆንም። ከፍሎ የሚያሳየው የኦዲት ሪፖርቱ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ያለው ከኋላ፣ ማንም የማይከፍተው ገጽ ላይ።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 8

ኮሚሽኑ ላይ ልክ ነህ። ብር ይወርዳል ብሎ አክሲዮን መግዛት ላይ ግን አልከተልህም። ዶላር ለመያዝ የፈለገ ሰው በባንክ አክሲዮን በኩል ዞሮ አይይዝም።

---

ፈረንጅአራዳ | ታኅሣሥ 8

ገና ሊሸጡ አይደል እንዴ አሁን? 5 ቢሊዮኑን ካፒታል ለመሙላት 4 ሚሊዮኑ 5 ሚሊዮን ይሆናል። ለ5 ሚሊዮን አካፍሉት እንግዲህ፤ 170 ይመጣል፤ ፒኢው 9.4። ተበላን!

---

ከአዳማ_ብድር ክፍል | ታኅሣሥ 8

ግማሹን ይዘሃል። አክሲዮኑ ይበዛል፤ ግን በባዶ አይበዛም። 1 ሚሊዮን አክሲዮን በ1,600 ሲሸጥ 1.6 ቢሊዮን ብር ባንኩ ካዝና ይገባል። ያ ብር ለብድር ተሰጥቶ ወለድ ያመጣል። መቼ ያመጣል ነው ጥያቄው። ሰኔ ላይ የገባ ብር ዘንድሮ አይሠራም፤ ግን ከርሞ ሙሉ ይሠራል። ስለዚህ ትርፉን ሳትነካ ብዛቱን ብቻ ብትጨምር ባንኩን በደልከው።

---

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 9

እሺ፤ ግን 7.5 ብዙ ነው ትንሽ ነው? ከምን ጋር ነው የማወዳድረው? አንድ ዘመዴ ፒያሳ ያለ ሱቁን በ12 ዓመት ኪራይ ዋጋ ነው የሸጠው።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 9

ያ ሱቅ ፒኢው 12 ነው፤ ስሌቱ አንድ ነው። ግን ሱቁ ግድግዳ አለው፤ ተከራይ ቢወጣም ሱቁ አለ። ለባንክም «ግድግዳውስ ስንት ያወጣል» ብለህ ጠይቅ። የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ካፒታል የሚለውን መስመር እይ። የተከፈለ ካፒታል፣ ፕሪሚየም፣ መጠባበቂያና ያልተከፋፈለ ትርፍ ተደምሮ የሚመጣው ነው። ስንት ነው?

---

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 9

6 ቢሊዮን።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 9

ለ4 ሚሊዮን አክሲዮን 1,500 ብር ይደርሰዋል። አንተ 1,600 ትከፍላለህ። ዋጋው ከመጽሐፉ፣ ማለትም በሂሳብ መዝገቡ ካለው 1,500፣ በ7 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ያ 600 ብር ፕሪሚየም ዘረፋ አይደለም፤ 500ው ነባሮቹ ባለአክሲዮኖች ባለፉት ዓመታት ሳይከፋፈሉ የተዉት ሀብት ነው። በ1,000 ቢሸጡልህ እነሱ ይጎዱ ነበር።

አሁን የሚቀርህ አንድ ጥያቄ ነው፦ ያ 1,500 ብር በዓመት ስንት ይወልዳል? 850 ሚሊዮን ለ6 ቢሊዮን፣ 14 በመቶ ገደማ። እኔ ባንክን የማየው በዚህ ነው፤ ፒኢው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ባንኩ በካፒታሉ ላይ 14 በመቶ ካተረፈና አንተ ከመጽሐፉ ትንሽ ከፍ አድርገህ ከገዛህ፣ ያንተ 13 በመቶ ገደማ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። ልዩነቱ 6 ነው። ለዚያ 6 ስትል ብርህን እንደፈለግህ ማውጣት የማትችልበት ቦታ ታስቀምጣለህ። ይበቃሃል አይበቃህም፣ እኔ አልነግርህም።

---

ከአዳማ_ብድር ክፍል | ታኅሣሥ 9

ግድግዳው ግን ከብድር የተሠራ መሆኑን አይርሳ። ሱቅ ተቆጥሮ ይታያል፤ ብድር ግን ይመለሳል ተብሎ የተጻፈ ነው። ባንኩ ስንት አበድሯል? 30 ቢሊዮን ነው እንበል። ለማይመለስ ብድር መጠባበቂያው አንድ በመቶ አንሶ ቢሆን 300 ሚሊዮን ነው፤ ከግብር በኋላ 210። 850ው ወደ 640 ይወርዳል፤ የአክሲዮኑ ትርፍ 160፣ ፒኢው 10። አንድ በመቶ ብቻ ናት!

እኔ ብድር ክፍል ስለምሠራ አውቃለሁ። ሰኔ ሲቃረብ የቆየ ብድር «ተራዝሟል» ተብሎ ጤነኛ መስሎ ሲያድር አይቻለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ሐይቅዳር፣ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ፈልግ። ብሔራዊ ባንክ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈልጋል። አሁን 4 ሆኖ አምና 2 ከነበረ አቅጣጫው ይናገራል።

---

ቡናገበያ | ታኅሣሥ 9

እናንተ ሰዎች አንድ በቀላሉ የገባኝን ነገር ቀስ በቀስ አጠፋችሁት። እኔ አሁንም ርካሽ ነው እላለሁ። 10ም ከ20 ያንሳል።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 9

የአሜሪካ ኩባንያ 20 ሲባል የወለድና የዋጋ ንረት መጠናቸው ከእኛ ጋር አይገናኝም፤ በፈለጉት ሰዓትም ይሸጡታል። ቡናን ከሻይ ጋር በኪሎ አታወዳድርም አይደል?

---

ቡናገበያ | ታኅሣሥ 9

እሷን ተቀበልኩ። 😄

---

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 13

ይቅርታ ዘገየሁ። ከዋናው መስሪያ ቤት ሙሉውን የኦዲት ሪፖርት እስኪልኩልኝ አራት ቀን ፈጀ። ቅርንጫፉ የሚሰጠው የሚያብረቀርቀውን መጽሔት ብቻ ነው፤ ማስታወሻዎቹ የሉበትም። የባለቤቴ ወንድም «ይህን ሁሉ ማን ጠይቆ ያውቃል» እያለ ተቆጣኝ።

የተገኘው ይኼ ነው። 500 ሚሊዮኑ ሁለት ተከፍሏል፦ 320 የምንዛሪ ለውጥ ትርፍ፣ 180 ኮሚሽንና የሽያጭ ልዩነት። ስለዚህ የማወጣው 320ውን ነው። ከግብር በኋላ 224። ከ1.2 ቢሊዮን ሲቀነስ 976 ሚሊዮን፣ ለ4 ሚሊዮን 244 ብር። ፒኢው 6.6 ገደማ። በካፒታሉ ላይ 16 በመቶ። ትክክል ሠርቻለሁ?

የተበላሸ ብድሩ 3.8 በመቶ ነው፤ አምና 2.9 ነበር። ጠቅላላ ብድሩ 28 ቢሊዮን።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 13

ስሌቱ ትክክል ነው። እኔ 350 ብዬ አብዝቻለሁ፤ የአዳማው ልጅ ልክ ነበር። የተበላሸው ብድር ግን አልጣመኝም። ከ2.9 ወደ 3.8፤ ጠቅላላ ብድሩም አድጎ ከሆነ በብር ሲሰላ ጭማሪው ከዚያ ይበልጣል። መጠባበቂያው በዚያው ልክ ጨምሯል? የመጠባበቂያ ወጪውን መስመር የሁለቱን ዓመት ላክ።

---

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 13

2016 ላይ 140 ሚሊዮን፣ 2017 ላይ 95 ሚሊዮን።

---

ከአዳማ_ብድር ክፍል | ታኅሣሥ 13

ኧረ! የተበላሸው ጨምሮ መጠባበቂያው ቀነሰ? መያዣቸው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ቤትና ሕንፃ ከሆነ ስሌቱ ዝቅ ይላል። ወይ ደግሞ ትርፉን ለማሳመር ነው። ከሪፖርቱ ብቻ መለየት አይቻልም። ጉባኤ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ አንተ ግን ገና ባለአክሲዮን አይደለህም።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ታኅሣሥ 13

እኔ ብሆን አምና በነበረው 140 አስቤ እንደገና እሠራዋለሁ። 45 ሚሊዮን ልዩነት፣ ከግብር በኋላ 31 ገደማ። 976ቱ 945 ይሆናል፤ 236 ብር፤ ፒኢ 6.8። ብዙ አይለውጥም። ጭንቀቴ ከርሞ ነው፤ የዘንድሮ 3.8 ከ5 ካለፈ።

---

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 14

ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ለ50 አክሲዮን 80 ሺህ ብር እናስገባለን፤ የቀረው ለመድኃኒት ይሁን አለች። ፋርማሲው ላይ ብር በዓመት ከ16 በመቶ በላይ ያተርፋል ብላ ነው የተከራከረችኝ። አስልቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ማታ ደብተሩን ይዤ እቀመጣለሁ።

---

የአቶቴ እናት | ታኅሣሥ 14

ልጄ፣ ሌላውን 150 ከእኔ ግዛ እንዳልልህ 30 ብቻ ነው ያለኝ። በ1,300 እለቅልሃለሁ። ሪፖርቱ ግን የለኝም፤ ቅርንጫፉ ሄደህ ራስህ ጠይቃቸው።